የስብሰባ ጥሪን በትህትና መልሶ ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጽሑፍ ስለ መጨረስ

«ለስብሰባ ተጠርቻለሁ፤ ጉዳዩ ግን በወረቀት የሚያልቅ ነው። ጠሪውን ሳላስቀይም እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» የሚለው ጥያቄ፣ በተለይ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ በየጊዜው ከማስረዳት ድሬዳዋ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የምጠቀምበትን አሠራር በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ለምሳሌ የወሰድኩት በሰኔ 2017 የገጠመንን የመጋዘን ቆጠራ ጉዳይ ነው።

ጥሪው የመጣው ሰኞ ሰኔ 9 ከፋይናንስ ኃላፊዋ ነበር። ስብሰባው ሐሙስ ሰኔ 12 ከቀኑ 8 ሰዓት በድሬዳዋ ዋና ቢሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንዲካሄድ ታስቦ ዘጠኝ ሰዎች ተጠርተዋል። ከዘጠኙ ሦስቱ፣ ማለትም የሐረር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የሒሳብ ሠራተኛውና የመጋዘን ኃላፊው፣ ከሐረር የሚመጡ ነበሩ። አጀንዳው «ስለ ዓመታዊ ንብረት ቆጠራ ውይይት» ከሚል አንድ መስመር በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጥሪው ሙሉ ቃል፣ አጀንዳውና የተጠሪዎቹ ዝርዝር
- የተጠሪዎቹ ስልክ ቁጥር (ኢሜይል ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱ ከታች ተጽፏል)
- ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የጽሑፍ ማስታወሻ የሚዘጋጅበት አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ
- ስብሰባው ሊካሄድ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን የቀረው መሆኑ

የመጨረሻውን ነጥብ ችላ አይበሉት። ስብሰባው ነገ ከሆነ ይህን አሠራር ትተው ቢሄዱ ይሻላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ገጽ ጽፎ፣ አሰራጭቶና መልስ ሰብስቦ መጨረስ አይቻልም፤ ተጠሪዎቹም ከስብሰባው ሳይሆኑ ከጽሑፉም ሳይሆኑ ይቀራሉ።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ በጽሑፍ የሚያልቅ መሆኑን ያረጋግጡ

ጥሪውን እንዳነበቡ ስብሰባው ሲያበቃ በቃለ ጉባኤው ላይ ሊሰፍር የሚችለውን ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይሞክሩ። በእኛ ጉዳይ ዓረፍተ ነገሩ «የሐረርና የድሬዳዋ መጋዘኖች ቆጠራ ከቀን እስከ ቀን በዚህ ዓይነት ቡድን ይካሄዳል» የሚል ነበር። የጎደሉት ቀኑና የቡድኑ አደረጃጀት ብቻ ስለሆኑ ጉዳዩ በጽሑፍ ሊያልቅ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃተዎት ግን ወይ አጀንዳው አልተብራራም፣ ወይ ጉዳዩ ገና ሐሳብ የሚፈልቅበት ደረጃ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ገጽ ማዘጋጀት የሚያስከትለው አለመግባባትን ነውና አስቀድመው ጠሪውን «ከስብሰባው ምን ውሳኔ ይዘን እንድንወጣ ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚከተሉት ሲሆኑ በአካል ይገኙ እንጂ የጽሑፍ አማራጭ አያቅርቡ። ምልዓተ ጉባኤ የሚጠይቅ ስብሰባ፣ የዲሲፕሊን ወይም የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት የሚከፈት ጨረታ፣ እንዲሁም በሁለት የሥራ ክፍሎች መካከል ቅያሜ የገባበት ጉዳይ። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአባላቱ መገኘት ራሱ የሥነ ሥርዓቱ አካል ነው። በመጨረሻው ደግሞ የተቀየመ ሰው ጽሑፍን የሚያነበው በክፉ ድምፅ ነው፤ ሰላማዊው ዓረፍተ ነገር እንኳ ስድብ ይመስለዋል።

ደረጃ 2፦ ስብሰባው የሚወስደውን ጊዜ አስሉ፣ ለራስዎ ብቻ

ዘጠኝ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲቀመጡ 13 ሰዓት ተኩል የሥራ ጊዜ ይሆናል። ሐረር ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሲሆን መንገዱ የደንገጎን ዳገት የሚያቋርጥ ነው። ሚኒባስ የሚሞላበትን ጊዜ ጨምሮ የደርሶ መልሱ ጉዞ ለአንድ ሰው በትንሹ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ለሦስቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድምሩ 22 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የጽሑፉ አማራጭ ግን ለእኔ አንድ ሰዓት፣ ለሌሎቹ ስምንት ሰዎች በነፍስ ወከፍ 20 ደቂቃ፣ ለማጠቃለያው ደግሞ ግማሽ ሰዓት የሚፈልግ ስለሆነ ከአራት ሰዓት ከሩብ አይበልጥም።

ይህን ስሌት የሚሠሩት ድካሙ የሚያዋጣ መሆኑን ለማወቅ ነው። አራት ሰዎች በአንድ ፎቅ ላይ ለግማሽ ሰዓት የሚገናኙበትን ስብሰባ በጽሑፍ ልተካ ማለት ተጨማሪ ሥራ መፍጠር ነው። ስሌቱን ግን በጽሑፍ ለጠሪው አይላኩ። «ስብሰባዎ 22 ሰዓት ያባክናል» የሚል ቁጥር፣ እውነት ቢሆንም፣ ወቀሳ ሆኖ ይነበባል። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከሐረር የሚመጣው ሰው የውሎ አበል ሊታሰብለት ስለሚችል የጉዞውን መቅረት እንደ ጥቅም አድርገው ሲያቀርቡ የሚያዝን ሰው እንዳለ አይዘንጉ።

ደረጃ 3፦ ከመጻፍዎ በፊት ለጠሪው ይደውሉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቀን መቁጠሪያው ላይ የመጣውን ጥሪ `No` ብሎ መመለስ ለላኪው አንድ ጠቅታ ነው፤ ለተቀባዩ ግን «አልመጣም» የሚል ደረቅ መልስ ነው። ጠሪው በዕድሜ ወይም በኃላፊነት የሚበልጥዎት ከሆነ ነገሩ ወደ ንቀት ይተረጎማል። ከዚያ በኋላ የሚልኩት ገጽ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማስተባበያ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በመጀመሪያ ድምፅዎ ይሰማ።

ጥሪው በደረሰዎት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት ይደውሉ። በስልኩ ሦስት ነገሮች ብቻ ይናገሩ፤ ጥሪውን እንዳዩት፣ ገጹን የሚያዘጋጁት ራስዎ መሆንዎን፣ የስብሰባው ሰዓትም እንደማይሰረዝ። የእኔና የኃላፊዋ ንግግር ይህን ይመስል ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ? የሐሙሱን ጥሪ አይቼዋለሁ። ጉዳዩ የቆጠራውን ቀን መወሰን ከሆነ፣ ቢፈቅዱልኝ አማራጮቹን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነገ ጠዋት ላሳይዎት አስቤ ነበር። እርስዎ ካረሙት በኋላ ለሁሉም ይላካል።»

«በወረቀት ሲሆን ማንም አይመልስም እኮ። መጥታችሁ ብንነጋገር ይሻላል።»

«ልክ ነዎት፣ እሱ ያጋጥማል። ስለዚህ የሐሙሱ 8 ሰዓት በሁሉም ዘንድ እንደተያዘ ይቆይ። እስከ ረቡዕ 10 ሰዓት መልስ ያልተሟላ እንደሆነ ሁላችንም እንገኛለን፤ የሐረሮቹንም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ገጹን ልየው።»

የስብሰባውን ሰዓት ማቆየት ለምን እንደሚጠቅም ልብ ይበሉ። ጠሪዋ የፈራችው ጽሑፉ ሳይመለስ ቀኑ እንዲያልፍ ነው፤ ሰኔ 30 ደግሞ አይጠብቅም። ሰዓቱ ባለበት ከቆየ በአማራጩ መስማማት ምንም አያስከፍላትም። ተጠሪዎቹም ካልመለሱ ሐሙስ መምጣት እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ቶሎ ይመልሳሉ፤ ሐረር ላለ ሰው ይህ ከማንኛውም ማሳሰቢያ ይበልጣል።

ጠሪው የቅርብ አለቃዎ ከሆነና «አይሆንም፣ እንገናኝ» ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው ይቀበሉ። ገጹን ግን አዘጋጅተው ይዘውት ይግቡ፤ አንድ ሰዓት ተኩል የተባለው ስብሰባ በሃያ ደቂቃ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ ገጹን ያዘጋጁ

ገጹ አምስት ክፍሎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም አንባቢው እስከ መጨረሻው ባያነብ እንኳ ዋናው ነገር እንዳያመልጠው የተደረገ ነው። የእኛ ገጽ እንደሚከተለው ነበር፦

> ጉዳዩ፦ የሐረርና የድሬዳዋ መጋዘኖች ዓመታዊ ቆጠራ የሚካሄድበትን ቀን ስለ መወሰን
>
> የሚወሰነው፦ ከሁለቱ አማራጮች አንዱ ይመረጣል።
>
> አማራጭ ሀ፦ ሁለቱም መጋዘኖች እሑድ ሰኔ 29 እና ሰኞ ሰኔ 30 በአንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። ሁለት ቡድን ስለሚያስፈልግ ከሌሎች ክፍሎች አራት ሰዎች ይመደባሉ።
>
> አማራጭ ለ፦ አንድ ቡድን ሐረርን ዓርብ ሰኔ 27 እና ቅዳሜ ሰኔ 28፣ ድሬዳዋን እሑድ ሰኔ 29 እና ሰኞ ሰኔ 30 ይቆጥራል። ተጨማሪ ሰው አያስፈልግም።
>
> የአዘጋጁ ሐሳብ፦ አማራጭ ለ። ልምድ ያለው የቆጠራ ቡድን ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ።
>
> ከእርስዎ የሚጠበቀው፦ ሀ ወይም ለ ብለው ምክንያትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በተጨማሪም በመረጡት አማራጭ ውስጥ በእርስዎ ክፍል በኩል የሚያሰናክል ነገር ካለ ይግለጹ። መልስ የሚጠበቀው እስከ ረቡዕ ሰኔ 11 ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ውሳኔውን የፋይናንስ ኃላፊዋ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ያሳውቃሉ።

«የአዘጋጁ ሐሳብ» የሚለውን ክፍል ብዙ ሰዎች በትህትና ይተዉታል፤ መተው ግን ስህተት ነው። ባዶ ሜዳ ላይ «ምን ይመስላችኋል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። የተጻፈ ሐሳብ ካለ ግን ወይ ይደግፈዋል፣ ወይ ጉድለቱን ለማሳየት ይነሣል፤ ሁለቱም መልስ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «የሚያሰናክል ነገር ካለ» የሚለው ጥያቄ ነው። ማክሰኞ ማታ የሐረሩ የመጋዘን ኃላፊ የላኩት መልስ ይህ ነበር፦ «ለ ይሻላል። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት ከእኛ ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ተመላሽ ዕቃ አለ። እኛ ጋ ተቆጥሮ እሑድ እናንተም ልትቆጥሩት ነው።» ሁለት መጋዘኖች በተለያየ ቀን ሲቆጠሩ በመካከል የሚንቀሳቀስ ዕቃ እንደ አቅጣጫው ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይ ጭራሽ ሳይቆጠር ይቀራል፤ እኔ ገጹን ስጽፍ ይህን አላሰብኩበትም። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ያን ነገር ያስተዋሉት የማጓጓዣ መዝገባቸው ፊታቸው ተዘርግቶ ስለነበር ነው። ድሬዳዋ መጥተው ቢሆን መዝገቡ ሐረር ይቀር ነበር።

የጊዜ ገደቡን ሲያስቀምጡ ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ የኮምፒውተሩ ቀን መቁጠሪያ `2:00 PM` የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። «እስከ 2 ሰዓት» ብለው ከጻፉ አንዱ ጠዋት ሲረዳ ሌላው ከሰዓት ይረዳል፤ ስለዚህ ምንጊዜም ዕለቱን፣ ቀኑንና «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን አብረው ይጻፉ። ሁለተኛው፣ ገደቡን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አያድርጉት። በድሬዳዋም በሐረርም ብዙ ባልደረቦቻችን ለጁምዓ ሶላት የሚሄዱበት ሰዓት ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው።

ደረጃ 5፦ መልእክቱን ከገጹ ጋር አብረው ይላኩ

ጠሪው ገጹን አይቶ ከተስማማ በኋላ ለሁሉም ይላካል። መልእክቱ አጭር ይሁን፦

> «ክቡራን የሥራ ባልደረቦች፣ ለሐሙስ ሰኔ 12 ከቀኑ 8 ሰዓት በተጠራው ስብሰባ ሊወሰን የታሰበውን ጉዳይ፣ ከፋይናንስ ኃላፊዋ ጋር በተነጋገርነው መሠረት፣ በተያያዘው አንድ ገጽ ላይ በጽሑፍ እንድንጨርሰው ቀርቧል። መልሶቹ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ከተሟሉ ስብሰባው አይካሄድም፤ ካልተሟሉ ግን በተያዘለት ሰዓት ይካሄዳልና ሰዓቱን እንደያዛችሁ እንድትቆዩ በትህትና እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

«ከፋይናንስ ኃላፊዋ ጋር በተነጋገርነው መሠረት» የሚለው ሐረግ ከሌለ ሌሎቹ እርስዎን የሰው ስብሰባ እንዳፈረሱ አድርገው ሊያዩዎት ይችላሉ፤ ማንን መስማት እንዳለባቸውም ይቸገራሉ። በመልእክቱ ውስጥ «ሥራ ስለበዛብኝ» የሚል ምክንያት አይጻፉ። ሥራ ያልበዛበት ሰው የለም፤ ምክንያትዎ የጉዳዩ ባሕርይ እንጂ የእርስዎ ጥበት መሆን የለበትም።

በቀን መቁጠሪያው ላይ የመጣውን ጥሪም እስከ ረቡዕ ድረስ `Maybe` ላይ ያቆዩት።

ደረጃ 6፦ መልሶቹን ይሰብስቡ

መልስ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲመጣ ያድርጉ። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከተለቀቀ በመካከሉ የልደት ምኞትና የመኪና ጥያቄ ገብቶበት ማን ምን እንዳለ መለየት ያስቸግራል፤ በኢሜይል ወይም ለእርስዎ በግል ቢላክ ይመረጣል።

ለማይመልሱት ማክሰኞ ማታ ሳይሆን ረቡዕ ጠዋት ይደውሉላቸው። ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠር የሚቻለው ጉዳዩ በቀጥታ ለማይመለከታቸው ብቻ ነው። ውሳኔውን በተግባር የሚፈጽመው ሰው፣ በእኛ ጉዳይ ሁለቱ የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ካልመለሱ ጉዳዩ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል፤ ዝም ያለው ተቃውሞ ኖሮት ሊሆን ይችላልና።

በእኛ አካባቢ ደግሞ በአማርኛ መጻፍ የማይቀናቸው፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መናገር የሚቀላቸው ባልደረቦች አሉ። የድሬዳዋው የመጋዘን ኃላፊ ከነሱ አንዱ ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው ገጽ ልኮ መልስ መጠበቅ ከውይይቱ ማስወጣት ነው። ደውለው ይዘቱን በሚመቸው ቋንቋ ይንገሩት፤ የሚለውን ይጻፉና መልሰው ያንብቡለት፤ «በቃል የሰጡት፣ ተነቦላቸው የተስማሙበት» ብለው ከሌሎቹ መልሶች ጋር ያያይዙት። ቋንቋውን የማያውቁት ከሆነ የሚያውቅ ባልደረባ ይጥሩ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ነጥብ ላይ ሁለት ሰዎች ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ ጽሑፉን ያቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ለሌሎቹ አንባቢዎች ሲባል የሚጻፍ ክርክር ይሆናል። ሁለቱን ብቻ በስልክ ያገናኙ፤ የተስማሙበትን ገጹ ላይ ያስፍሩ። በስልክም ካልሆነ የሐሙሱ ሰዓት የተያዘው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ውሳኔውን በጽሑፍ ይዝጉ

ረቡዕ 10 ሰዓት ላይ ሰባት ሰዎች «ለ»፣ አንድ ሰው «ሀ» ብለው ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሐሙስ ጠዋት ያሳወቁት ውሳኔ አማራጭ ለ ሆኖ፣ በሐረሩ ኃላፊ ሐሳብ መሠረት ሁለት ሁኔታዎች ተጨምረውበታል። ከዓርብ ሰኔ 27 ጠዋት እስከ ሰኞ ሰኔ 30 ማታ በሁለቱ መጋዘኖች መካከል ምንም ዕቃ አይንቀሳቀስም፤ እያንዳንዱ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የመጨረሻው ገቢና የመጨረሻው ወጪ ሰነድ ቁጥር፣ በእኛ አጠራር የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቁጥር፣ ይመዘገባል። ስብሰባው የተሰረዘው ይህ ለሁሉም ከደረሰ በኋላ ነው።

የውሳኔው ማስታወሻ ማን እንደወሰነ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ማን መቼ እንደሚፈጽም፣ እንዲሁም የተለየ ሐሳብ ያቀረበውን ሰው ሐሳብና ያልተመረጠበትን ምክንያት ይያዝ። «ሀ» ያለው ባልደረባ ስሙ ከነሐሳቡ ሰፍሮ ሲያገኘው በሚቀጥለው ጊዜም ይመልሳል።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

ገጹ ሳይዘጋጅ «በጽሑፍ ብናደርገው» ብሎ መመለስ ዋነኛው ነው፤ ሥራውን ወደ ጠሪው መልሶ መጣል ስለሆነ ጠሪው ስብሰባውን ይመርጣል፣ አይፈረድበትምም። ሌላው ገጹን ወደ አራት ገጽ ማስረዘም ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ «በኋላ አነበዋለሁ» ይልና በዚያው ይቀራል። ሦስተኛው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ውሳኔ ማስፈር ነው። እኛ መጀመሪያ የተበላሹ ዕቃዎችን አወጋገድም ልንጨምርበት ነበር፤ ጨምረነው ቢሆን የቆጠራው ቀን የሌላው ክርክር እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር።

የሥራ አለቃዎች ከመልሶቹ በፊት ሐሳባቸውን ለሁሉም ከጻፉም ሌሎቹ ያንኑ ይደግማሉ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን አስቀድመው «የእርስዎን መጨረሻ ላይ ቢልኩልን» ብለው ይጠይቋቸው።

በመጨረሻም ገጹን፣ መልሶቹንና የውሳኔውን ማስታወሻ አትመው፣ ውሳኔ ሰጪዋን አስፈርመው ከቆጠራው ሰነዶች ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ቃለ ጉባኤ ስላልተያዘ እሱን የሚተካው ይህ ነው። ሐምሌ ላይ ኦዲተሩ «ሁለቱ መጋዘኖች በተለያየ ቀን እንዲቆጠሩ ማን ወሰነ? በመካከል የተንቀሳቀሰ ዕቃ አለመኖሩስ በምን ይታወቃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያወጣሁለት ሦስት ወረቀት ነበር።